ጉልት የሽንኩርት ገበያ አይደለም፦ የፊውዳሊዝም ቃላት መፍቻ የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1፣ ጥቅምት

የማስተምረው ከአቃቂ ወደ ቱሉ ዲምቱ ሲወጣ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳው በሚጀምርበት አካባቢ ነው። ከተማሪዎቼ ገሚሱ የኮንዶሚኒየም ልጆች ናቸው። የቀሩት ቤተሰቦቻቸው ዛሬም የሚያርሱ ናቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከዘጠነኛ ክፍሎች ጋር ፊውዳሊዝምን እንጀምራለን። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆቹ ቃሉን ይሸመድዱታል እንጂ አይገባቸውም። ስለዚህ በአማርኛ የቃላት መፍቻ ልሠራ ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ ለአንድ ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያውም ማንም የሚገባው።

መጀመሪያ 26 ቃላት ጻፍኩ። ዘጠኙ የአውሮፓ ናቸው፤ ፊፍ፣ ቫሳል፣ ሰርፍ፣ ማነር የመሳሰሉት። የቀሩት የእኛው ናቸው፤ ርስት፣ ጉልት፣ ገባር፣ ጭሰኛ፣ ሲሶ፣ አስራት፣ ሁዳድ፣ ማደሪያ፣ ባላባት እያለ ይቀጥላል።

ትርጉሙን ከመጻፌ በፊት ልጆቹ ምን ያህሉን እንደሚያውቁ ማየት ፈለግሁ። አሥር ቃላት ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ “የምታውቁትን ጻፉ፤ ነጥብ የለውም” አልኳቸው። ሰብስቤ ቤት ወሰድኩት።

“ርስት”ን አብዛኞቹ ውርስ ብለውታል። ጥሩ መነሻ ነው። “ጉልት” ላይ ግን ከ56 ተማሪዎች 41 ያህሉ አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ፦ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ በመንገድ ዳር የሚሸጥበት ትንሽ ገበያ። ልክ ናቸው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ጉልት ማለት እሱ ነው። እናቶቻቸው እዚያ ይሸጣሉ፤ እነሱም እየተላኩ ይገዛሉ።

ይህንን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። ተማሪ የማያውቀው ቃል ብዙም አያስቸግርም፤ አዲስ ስለሆነ ይጠይቃል። የሚያስቸግረው የሚያውቀው የሚመስለው ቃል ነው። “ንጉሡ ለመኳንንቱ ጉልት ሰጠ” የሚለውን ሲያነብ ንጉሡ የገበያ ቦታ ሲያከፋፍል ይታየዋል፤ ነገሩ ስሜት ስለሚሰጠውም አይጠይቅም። ስለዚህ ከ26ቱ ውስጥ ዛሬም በሌላ ትርጉም የሚሠራባቸውን ለብቻ አወጣሁ። ጉልት፣ ሁዳድ፣ ባላባት፣ ነፍጠኛ፣ ሲሶ። አምስቱም ላይ ቀይ ክብ አደረግሁ።

ሳምንት 2

የመጀመሪያው ረቂቅ አልቋል። በአንድ ምሽት ነው የጻፍኩት፤ ጥድፊያውም ያስታውቃል። ሁለቱን ልገልብጥ፦

ርስት፦ ከአባት ከአያት የሚወረስ መሬት።
ጉልት፦ ንጉሥ ለመኳንንት ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው መሬት።

አማርኛ የምታስተምረው ባልደረባዬ አነበበችውና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። “እሺ፣ አንድ መሬት ርስትም ጉልትም መሆን ይችላል?” አለችኝ። ይችላል አልኳት። “ታዲያ የሁለት ሰው ነው? ማነው የሚያርሰው?”

እዚህ ላይ ነው ረቂቁ የወደቀው። ሁለቱንም “መሬት” ብዬ ጀምሬያቸዋለሁ። ሁለቱም ግን መሬት አይደሉም፤ መብት ናቸው። በአንዱ መሬት ላይ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ መብት አላቸው። በትርጉም ውስጥ “መሬት” የሚለው ቃል ቀድሞ ከመጣ ተማሪው “የማን?” ብሎ አንድ ባለቤት ይፈልጋል። ዛሬ ካርታ ያለው ቤት ነው የሚያውቀው፤ ካርታው ላይ ያለው ስም የባለቤቱ ነው። የድሮው አሠራር ግን እንደዚያ አልነበረም።

ለራሴ እንዲገባኝ አንድ ማሳ ሳልኩ። ማሳው ጎጃም ወይም ጎንደር ነው እንበል። የሚያርሰው ገበሬ ርስት አለው። ርስቱን ያገኘው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የሚወለድ በመሆኑ ነው። ዘሩን በአባቱም በእናቱም በኩል መቁጠር ይችላል። ሴትም ትወርሳለች። ለዚህ ነው አንድ ሰው በሦስት በአራት ቦታ “ድርሻ አለኝ” ብሎ ሲሟገት ዕድሜው የሚያልቀው። በዚያው ማሳ ላይ አንድ ሹም ጉልት አለው። ሹሙ አያርስም። ከገበሬው ግብር ይቀበላል፤ ሰዎቹን ይዳኛል፤ ጦርነት ሲመጣ ከነጭፍራው ይዘምታል። ጉልቱ የዚህ አገልግሎቱ ዋጋ ነው።

አሁን ሹሙ ቢሻርስ? ጉልቱ ለሌላ ሹም ይሄዳል። ገበሬው እዚያው ነው። ማሳው ላይ የሚለወጠው ግብር ተቀባዩ ብቻ ነው። ይህ ከገባን “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ተረት ከየት እንደመጣ ይገባናል። ሹመት ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ጉልቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሹሙ በእጁ እያለ መብላቱን ነው የሚያስበው። በርግጥ እንደ ርስት ለልጅ የሚተላለፍ ጉልትም ነበር፤ ስሙም ርስተ ጉልት ነው። ይህ ስም ራሱ ተራው ጉልት እንደማይወረስ ይነግረናል፤ የሚወረስ ቢሆን “ርስተ” የሚል ቅጥያ ባላስፈለገው።

የተስተካከለው፦

ርስት፦ አንድ ገበሬ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት በመወለዱ ብቻ የሚያገኘው፣ መሬት ይዞ የማረስና ለልጆቹ የማውረስ መብት።

ጉልት፦ ንጉሥ ለሹም ወይም ለቤተ ክርስቲያን ስለ አገልግሎታቸው የሚሰጠው፣ በአንድ አካባቢ ከሚያርሱ ገበሬዎች ግብር የመቀበል መብት።

ረዘሙ። ግን በሁለቱም ውስጥ ማን እንደሚያገኝ፣ ምን እንደሚያገኝና በምን ምክንያት እንደሚያገኝ አለ። ከአሁን በኋላ ለሁሉም ቃላት እነዚህን ሦስቱን እጠይቃለሁ። አንዱ ከጎደለ ዓረፍተ ነገሩ ተመልሶ ይጻፋል።

መፈተኛም አገኘሁ። ቃሉን በወረቀት ሸፍኜ ትርጉሙን ብቻ ለባልደረባዬ አነብላታለሁ። ከአንድ በላይ ቃል የሚገባበት ከሆነ ትርጉሙ ልል ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ “ንጉሥ የሚሰጠው መሬት” ስላት ጉልትም፣ ማደሪያም፣ ሰሞንም አለችኝ። ሦስቱም ልክ ናቸው። ማደሪያ በደመወዝ ፋንታ አገልግሎቱ እስካለ ድረስ የሚሰጥ ነው። ሰሞን ደግሞ ቤተ ክርስቲያንን ለሚያገለግሉ ነው። ዓረፍተ ነገሬ አንዱን ከአንዱ አይለይም ነበር።

በዚህ ፈተና ከ26ቱ 11 ወደቁ።

ሳምንት 3፣ ጥቅምት መጨረሻ

ሲሶ ላይ ሦስት ቀን ፈጀሁ። ቃሉ ሁለት ቦታ ይገኛል። አንደኛ፣ በደቡብ በምኒልክ ዘመን መሬት ሲከፋፈል ለአካባቢው ባላባት የሚተወው ሢሶ እጅ ነው። ሁለተኛ፣ ጭሰኛ ከምርቱ ለባለመሬቱ የሚሰጠው ሢሶ ነው። አንዱ የመሬት ነው፣ ሌላው የእህል። መጀመሪያ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላጣብቅ ሞከርኩ። የሚነበብ አልሆነም። በመጨረሻ በሁለት ቁጥር ለየኋቸው፤ ሲሶ 1 እና ሲሶ 2። “ለአንድ ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር” የሚለው ደንቤ “ለአንድ ትርጉም አንድ ዓረፍተ ነገር” ሆኗል።

ሁለተኛው ትርጉም ግን በቃል ብቻ አይጨበጥም። ልጆቹ ክፍልፋይ ያውቃሉ፤ የክፍልፋዩ ሕመም ግን አይታያቸውም። ከቤት 40 ፍሬ ሽምብራ ቆጥሬ በላስቲክ ይዤ ሄድኩ። ለምን 40? መጀመሪያ በ30 ሞክሬ እርቦው ላይ ፍሬ መሰንጠቅ መጣ። 40 ለሁሉም ይስማማል።

ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። ይህ የአንድ ጭሰኛ የዓመት ምርት ነው አልኩ። መጀመሪያ አስራት ይወጣል፤ ከአሥር አንድ እጅ። 4 ፍሬ ሄደ፣ 36 ቀረ። አስራት የመንግሥት ነው። በሕግ የባለመሬቱ ዕዳ በሆነበት ቦታ እንኳን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከጭሰኛው ምርት ነበር። ቀጥሎ የባለመሬቱ ድርሻ ነው። ውሉ እርቦ ከሆነ ከ36ቱ 9 ይሄዳል፣ ለጭሰኛው 27 ይቀራል። ሲሶ ከሆነ 12 ይሄዳል፣ 24 ይቀራል። እኩል ከሆነ 18 ለ18 ነው።

“ቲቸር፣ እኩል የሚስማማ ሰው ለምን ይኖራል?” ብሎ አንዱ ጠየቀ። ደህና ጥያቄ ነው። በሬ ከሌለህ፣ ዘርም ከሌለህ፣ ሁለቱንም ባለመሬቱ የሚያቀርብልህ ከሆነ እኩል ትስማማለህ። በሬህን ይዘህ ከመጣህ ሲሶ ወይም እርቦ የመደራደር ዕድል አለህ። ስለዚህ የክፍፍሉ ቁልፍ በሬው ነበር። ከኋላ ወንበር አባቱ የሚያርስ ልጅ ዛሬም በሬ የሌለው ሰው መሬቱን ለእኩል እንደሚሰጥ ነገረን። ይህን ሲል ክፍሉ ጸጥ አለ። አሠራሩ ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ አሁን በሬ የሌለው ባለመሬቱ፣ በሬ ያለው ደግሞ አራሹ መሆኑ ነው። ይህን ልዩነት ሰሌዳ ላይ አስፍሬዋለሁ።

አንድ ነገር ጨመርኩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለመሬት ከምርቱ እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። 40ውን ሽምብራ መልሼ ሰብስቤ 30ውን ወደ አንድ ጎን ገፋሁት። በሌላው ጎን 10 ቀረች። ምንም ማብራሪያ አላስፈለገም።

ስህተቴን ደግሞ ልጻፍ። በመጀመሪያው ክፍል አስራቱን ከባለመሬቱ ድርሻ በኋላ አወጣሁት። ሲሶ ከ40 አይካፈልምና 13 ብዬ አለፍኩ፤ ሒሳቡም ተምታታ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ቅደም ተከተሉን አስተካክዬ ነው የሠራሁት። የመጀመሪያዎቹን ማግስቱን በእረፍት ሰዓት ጠርቼ ደገምኩላቸው።

ሳምንት 4፣ ኅዳር

የአውሮፓዎቹ ቃላት። እዚህ ላይ የፈራሁት ማመሳሰልን ነው። ልጆቹ በቀላሉ “ፊፍ ማለት ጉልት፣ ሰርፍ ማለት ጭሰኛ” ብለው ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ብዙ ማስታወሻ እንዲህ ይላል። ግማሹ ያስኬዳል፣ ግማሹ ያሳስታል።

ፊፍና ጉልት በእርግጥ ይቀራረባሉ። ሁለቱም ከላይ ያለው ለበታቹ ስለ አገልግሎት የሚሰጠው ነው። ፊውዳሊዝም የሚለው ቃል ራሱ ፌውዱም ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ፊፍ ነው። ቫሳሉ ጌታው ፊት ይንበረከካል፤ ሁለት እጁን አጋጥሞ በጌታው መዳፎች መሃል ያደርጋል፤ ታማኝነቱን በቃሉ ያስራል። ከዚያ ፊፉን ይቀበላል። በልማዱ በዓመት 40 ቀን ያህል ለጌታው ይዘምታል። ሁለት ልጆች ወጥተው ይህን አሳዩ። የክፍሉ ሣቅ ሲያልቅ፣ የተንበረከከው ልጅ “እጄ ታስሮ ነው የምምለው” አለ። ይህን ከእኔ ዓረፍተ ነገር በተሻለ ያዙት።

ሰርፍና ጭሰኛ ላይ ግን ማመሳሰሉ ይፈርሳል። ሁለት ጥያቄ ብቻ አወጣሁ። አንደኛው፦ ሰውየው ከፈለገ ጥሎ መሄድ ይችላል? ሁለተኛው፦ ጌታው ከፈለገ ሊያባርረው ይችላል?

ሰርፍ ያለ ጌታው ፈቃድ ቀዬውን ጥሎ መሄድ አይችልም። ግን ባሪያ አይደለም፤ ከመሬቱ ነጥሎ እንደ ዕቃ መሸጥ በልማዱ አልነበረም። መሬቱ ወደ ሌላ ጌታ ሲያልፍ እሱም አብሮ ያልፋል። ጭሰኛ ተቃራኒው ነው። መሄድ ይችላል። ችግሩ መባረሩ ነው። ባለመሬቱ ውሉን አፍርሶ “ተነሣ” ካለው ይነሣል። በተለይ ትራክተር መግባት ከጀመረ በኋላ ብዙ ጭሰኛ የተነሣው እንዲህ ነው። የሰሜኑ ባለ ርስት ገባር ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ግብሩን እስካገባ ድረስ ማንም ከርስቱ አያስነሣውም፤ ጥሎ ቢሄድም የሚያግደው የለም።

“ታዲያ ገባር ሁሉ እንዲህ ነበር?” አይደለም። ይህን በትርጉሙ ውስጥ ማስገባት ግድ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በደቡብ ለወታደር የተመደበው ገባር ግብር ብቻ አልነበረም የሚከፍለው። ለተመደበለት ሰው ያርሳል፣ ቤት ይሠራል፣ አጥር ያጥራል፣ ዕቃ ይሸከማል፤ ሚስቱ እህል ትፈጫለች። ጥሎ መሄዱም ቀላል አልነበረም። ይህ ሰው በስም ከጎጃሙ ገባር ጋር አንድ ነው፤ በኑሮው ግን ወደ ሰርፍ ይጠጋል።

ስለዚህ ገባርን እንዲህ ጻፍኩት፦ ለንጉሥ፣ ለሹም ወይም ለተመደበለት ወታደር በእህል፣ በገንዘብ ወይም በጉልበት ግብር የሚከፍል ገበሬ፤ መሬቱ የራሱ ርስት የሚሆንበት ቦታም የማይሆንበት ቦታም አለ። ሁለተኛው ሐረግ ዓረፍተ ነገሩን ያከብደዋል፤ ግን ብቆርጠው ውሸት ይሆናል። ቀላልነቱን ለእውነቱ ስል ትንሽ ለቀቅሁ።

ሳምንት 5

ቀይ ክብ ያደረግሁባቸው ቃላት።

ሁዳድ፦ ገበሬዎች ያለ ክፍያ እየተጠሩ ለንጉሥ ወይም ለሹም የሚያርሱት፣ ምርቱ በሙሉ ለእሱ የሚገባ እርሻ። ልጆቹ ወዲያው ከሁዳዴ ጾም ጋር አያያዙት። እኔ “ተመሳሳይ ድምፅ ነው እንጂ አይገናኝም” ብዬ ላልፍ ነበር። አንዲት በሰንበት ትምህርት ቤት የምትማር ልጅ ግን እጅ አወጣች። ዓቢይ ጾም ሁዳዴ የተባለው ከዚሁ ከጌታ እርሻ ጋር ተያይዞ እንደሆነ፣ ገበሬ ለጌታው እንደሚሠራ ሁሉ ምእመንም ለጌታው የሚጾመው እንደሆነ ተምረናል አለች። ሄጄ አንድ መሪጌታ ጠየቅሁ፤ እንዲህ ተብሎ እንደሚተረጎም ነገሩኝ። አሁን መፍቻው ላይ ከሁዳድ ሥር በትንሹ “ሁዳዴ የሚለውን የጾም ስም አስታውሱ” ብዬ ጨምሬያለሁ። የአውሮፓውን የጌታ እርሻ ለማስረዳትም ይኸው ቃል በቂ ሆነ። እዚያም ሰርፉ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የጌታውን እርሻ የሚሠራበት ብዙ ቦታ ነበር። በሽምብራ ይህን ማሳየት አይቻልም። የሳምንቱን ቀኖች ሰሌዳ ላይ ጽፈን ሦስቱን አጠፋን፤ ከቀሩት ላይ እሑድንም አጠፋን። ሦስት ቀን ቀረ።

ባላባት አስቸጋሪ ነው። ባለ አባት፤ አባቱ የሚታወቅ፣ ዘሩ የሚቆጠር ማለት ነው። ልጆቹ ግን ሀብታም ብለው ነው የሚያውቁት። በሰሜን የታወቀ ቤተሰብ ሰው ነው። በደቡብ ደግሞ በሕዝቡና በመንግሥቱ መሃል የቆመ የአገሬው ሹም ነው፤ ግብር ያሰባስባል፣ ሲሶውን ይይዛል። እንደ ሲሶ በሁለት ቁጥር ከፈልኩት።

ነፍጠኛን ለማውጣት አስቤ ነበር። ቃሉ ዛሬ የሚወረወረው ለታሪክ አይደለም፤ ልጆቹም በየቤታቸው የተለያየ ነገር ይሰማሉ። ሁለት ቀን ካሰብኩ በኋላ ተውኩት፤ ማለትም እንዲቆይ አደረግሁት። እኔ ባልተረጉመው ሌላ ሰው ይተረጉምላቸዋል። የወሰንኩት፣ ትርጉሙ ሥራን እንጂ ሕዝብን እንዳይጠራ ነው። ነፍጥ ማለት ጠመንጃ ነው። ነፍጠኛ፦ በዚያ ዘመን ጠመንጃ ይዞ ንጉሡን የሚያገለግልና በደመወዝ ፋንታ ገባር ወይም መሬት የሚመደብለት ወታደር። በእንዲህ ያለ ቃል ትርጉም ውስጥ የአንድ ብሔር ስም ከገባ፣ ዓረፍተ ነገሩ ቃሉን መተርጎም ትቶ ሌላ ሥራ እየሠራ ነው ማለት ነው። ይህን ለራሴ እንደ መፈተኛ ያዝኩት።

26ቱ ወደ 14 ወረዱ። የተቆረጡት አብዛኞቹ የማዕረግ ስሞች ናቸው። ደጃዝማችና ፊታውራሪ ለሌላ ቀን ይቆዩ።

ሳምንት 6

ማተም። እዚህ ላይ ገንዘብ አባከንኩ። ለሁለት ክፍል 56 ገጽ ፎቶ ኮፒ አስነሣሁ፤ ለሁለት ተማሪ አንድ ገጽ። አንዱ 5 ብር ነው። ቤት ስገባ ስህተት አየሁ። “መሬት ለአራሹ” ከሚለው ሥር የመሬት አዋጁን 1975 ብዬ አስቀምጫለሁ፤ ይህ የፈረንጆቹ ነው። የተማሪዎቹን ሰልፍ ደግሞ 1957 ብያለሁ፤ ያ የእኛ ነው። በሰልፉና በአዋጁ መሃል 18 ዓመት ያለ ይመስላል። ትክክሉ ሰልፉ በ1957፣ አዋጁ የካቲት 25 ቀን 1967፣ ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር፤ አሥር ዓመት ብቻ ነው። አዋጁ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፣ ጭሰኝነትን አስቀረ፣ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ወሰነ። እንዲህ ያለ ነገር ላይ የተሳሳተ ቁጥር ማደል አልፈለግሁም። 56ቱንም መልሼ አሳተምኩ።

የግድግዳው ደግሞ ካርቶን ላይ በእጅ ተጻፈ። ቃሉ በትልቁ በቀይ፣ ትርጉሙ በጥቁር። ቀጭኑ ማርከር ከሦስተኛው ወንበር ወዲያ አይነበብም፤ ወፍራም ገዛሁ። ፕላስተሩም በኖራ ግድግዳ ላይ አልያዘም፤ ጠዋት ስንመጣ ርስትና ጉልት ወለል ላይ ነበሩ። አሁን በሲባጎ አንጠልጥለናቸዋል።

ሒሳቡ፦ ካርቶን 6 በ60 ብር፣ 360። ማርከር 4 በ70 ብር፣ 280። ፕላስተር 100። ፎቶ ኮፒ ሁለቴ፣ 560። ድምር 1,300 ብር። ከዚህ 280ው የዓመተ ምሕረቱ ስህተት ዋጋ ነው፤ ፕላስተሩ 100 ብርም አልጠቀመም። ሲባጎውን ከቤት ነው ያመጣሁት።

ሳምንት 7፣ ታኅሣሥ

በመጀመሪያው ሳምንት የሰጠሁትን ጥያቄ ሳልነግራቸው ደገምኩት። ጉልትን ገበያ ያሉት 41 ነበሩ፤ አሁን 6 ናቸው። ጥሩ ነው። ገባርና ጭሰኛ ግን አሁንም ተደባልቀዋል፤ ወደ 20 የሚሆኑት “ሁለቱም ለጌታ የሚያርስ ድሃ” ብለዋል። ሁለቱን ጥያቄ፣ መሄድ ይችላል ወይ፣ መባረር ይችላል ወይ የሚለውን፣ ከካርቶኑ ላይ አልጻፍኩትም ነበር። ዛሬ ጨመርኩት።

የቤት ሥራም ሰጥቼ ነበር፤ ዝርዝሩን ለቤተሰብ አንብባችሁ የጎደለ ቃል ጠይቁ የሚል። ብዙዎቹ ሳይዙ መጡ። ጤፍ እየተወቃ ነው፤ የገበሬ ልጆች ከትምህርት በኋላ አውድማ ላይ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ግን ሰኞ ጠዋት ይዞ መጣ። አያቱ ያደጉት እዚሁ አካባቢ፣ በጭሰኛ ቤት ነው። ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አስነብበውታል። “እርቦው አለ፣ አስራቱ አለ” አሉት። “የበዓሉ የታለ?” ጠየቁት። አባታቸው በየዓመቱ ለበዓል በግ ይዘው ባለመሬቱ ዘንድ ይሄዱ ነበር። በውሉ ላይ የለም፤ የሚጠይቅም የለም። ግን ሳይወስዱ የቀሩበት ዓመት፣ ለቀጣዩ ዓመት መሬት የለም ተባሉ።

ቃሉ እጅ መንሻ ነው። ልጁ ትርጉሙን ራሱ ጽፎ አምጥቷል። ማን፣ ለማን፣ ምን፣ በምን ምክንያት የሚለው ሁሉ አለበት። አንድ ቃልም አልነካሁበትም፦

እጅ መንሻ፦ ጭሰኛ ሳይጠየቅ ለባለመሬቱ የሚወስደው፣ ባይወስድ ግን መሬቱን የሚያጣበት ስጦታ።

15ኛው ቃል ሆነ፤ እሱ ካርቶን ላይ በእጁ ጽፎት፣ ከጭሰኛ ቀጥሎ ሰቅለነዋል።